ከስማችን ጋር የሚጋጭ የንግድ ምልክት ሲመጣ፤ የተቃውሞ ማመልከቻ እንዴት ይጻፋል?

ቨርጂኒያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ አሽጋ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። ከ2014 ጀምሮ «ጓዳ» በሚል ስም ትሸጣለች፤ በ2018 ደግሞ ስሙን በአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አስመዝግባለች። ቢሮው በየማክሰኞው በሚያወጣው ጋዜጣ ላይ ግን ሌላ ሰው «ጓዳዬ»ን ለቅመማ ቅመምና ለስጎ ለማስመዝገብ እንዳመለከተ ታነባለች። ምን ታድርግ?

መጀመሪያ ቀን ትቁጠር። ማመልከቻው በጋዜጣው ከወጣበት ዕለት ጀምሮ ያላት ጊዜ 30 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወይ ተቃውሞዋን ታስገባለች፣ ወይ ተጨማሪ ጊዜ ትጠይቃለች። የመጀመሪያው የ30 ቀን ማራዘሚያ ምክንያትም ክፍያም አይጠየቅበትም። ሁሉም ማራዘሚያ ተደምሮ ግን ከታተመበት ዕለት ከ180 ቀን ማለፍ አይችልም። ቀኑ ካመለጣት ስሙ እስኪመዘገብ ጠብቃ የስረዛ አቤቱታ ከማቅረብ ሌላ በቢሮው በኩል መንገድ የላትም።

ተቃውሞው የሚቀርበው ለቢሮው የንግድ ምልክት ክርክርና ይግባኝ ቦርድ ሲሆን፣ በኢንተርኔት ገብቶ ለአንድ የዕቃ መደብ 600 ዶላር ይከፈልበታል። ሥራው ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። የተናደደ ሰው ብዙ ጊዜ «አመልካቹ ስማችንን ሰርቆ በልፋታችን ሊነግድ የተነሳ አጭበርባሪ ነው» ብሎ ይጀምራል። ይህ ዓረፍተ ነገር ለማንም አይጠቅምም። አመልካቹ «እክዳለሁ» ብሎ በአንድ ቃል ያልፈዋል፤ ማጭበርበር ብሎ የከሰሰ ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደዋሸ ዘርዝሮ መጻፍ አለበት።

የማመልከቻው አንቀጾች በተራ ቁጥር ይጻፋሉ፤ አመልካቹም እያንዳንዱን ቁጥር ማመን፣ መካድ ወይም አላውቅም ማለት ግዴታው ነው። ስለዚህ በአንድ ቁጥር አንድ ፍሬ ነገር ብቻ ይስፈር። «ተቃዋሚ ከ2014 ጀምሮ በአሜሪካ ውስጥ በ‹ጓዳ› ምልክት በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች።» ቀጥሎ የምዝገባው ቁጥርና ቀን። ቀጥሎ «አመልካቹ ምልክቱን ከዚያ በፊት አልተጠቀመበትም።» ቀጥሎም ሁለቱ ስሞች በድምፅም በመልክም እንደሚቀራረቡ፣ ዕቃዎቹ አንድ ዓይነት ወይም ተዛማጅ እንደሆኑ፣ በዚህም ገዢው ሁለቱ ከአንድ ቤት የወጡ ሊመስሉት እንደሚችሉና እሷም በዚህ እንደምትጎዳ ይጻፋል። አንዱን ፍሬ ነገር ከሌላው ጋር ያጣበቀች እንደሆነ አመልካቹ ግማሹን ይዞ ሙሉውን ይክዳል።

ዕቃ ከዕቃ ሲነጻጸር መታየት ያለበት አመልካቹ በማመልከቻው የጻፈው እንጂ መደርደሪያው ላይ ያለው አይደለም። ማመልከቻው «ስጎ» ብሎ ያለ ገደብ ካሰፈረ፣ «እኔ እኮ የምሸጠው ኦሃዮ ባሉ ሁለት ሱቆች ብቻ ነው» ማለቱ አያድነውም። ተቃዋሚዋም ይህን አውቃ የማመልከቻውን ቃል እንዳለ ትጥቀስ።

ከአባሪዎች ሁሉ የማይቀረው የራሷ ምዝገባ ነው። ምዝገባው ዛሬም የጸና መሆኑንና ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያሳየው፣ ከቢሮው ዳታቤዝ የወጣ ቅጂ አብሮ ከተያያዘ በራሱ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። የማሸጊያ ፎቶ፣ ደረሰኝ፣ ተምታቶባቸው የደወሉ ደንበኞች መልእክት ግን ከማመልከቻው ጋር ስለተያያዘ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ በማስረጃ ማቅረቢያው ጊዜ በሥርዓቱ እንደገና መግባት አለበት። ሃምሳ ገጽ አባሪ አስገብተው ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው እዚህ ላይ ይሸነፋሉ።

ከመፈረሟ በፊት ግን የራሷን ምዝገባ በጥሞና ታንብብ። በ2018 ስታስመዘግብ «ለማንኛውም ይኑር» ብላ ቡናንም ጨምራ ቡና ሸጣ የማታውቅ ከሆነ፣ አመልካቹ መልሱን ሲሰጥ የተከሳሽ ከሳሽ ሆኖ ምዝገባዋ ለቡና እንዲሰረዝ ይጠይቃል። ሆን ብላ በሐሰት እንደማለች ካስረዳ ደግሞ ጣጣው ከቡናው አልፎ ይሄዳል። የማይሸጥ ዕቃ ካለ ተቃውሞው ከመግባቱ በፊት ከምዝገባው ቢወጣ ይሻላል። በእኔ ግምት ጠበቃ በዚህ ደረጃ የሚከፈለው ገንዘብ በኋላ ከሚከፈለው ሁሉ ይረክሳል። አሜሪካ ውስጥ የምትኖር ነጋዴ ያለ ጠበቃ መቅረብ ትችላለች፤ ዋና መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት ግን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ማቆም ግዴታው ነው።

ቦርዱ የሚወስነው «ጓዳዬ» ይመዝገብ ወይስ አይመዝገብ የሚለውን ብቻ ነው። ብታሸንፍም ካሳ አያስከፍልላትም፣ ዕቃውንም ከገበያ አያስነሳላትም። ሽያጩን ማስቆም ከፈለገች የምትሄደው ወደ ፍርድ ቤት ነው።