ስልክዎ ጌም ላይ ከ10 ደቂቃ በኋላ ለምን ይንቀራፈፋል?

ፐብጂን የመሰለ ከባድ ጌም ሲጀመር ምስሉ ያለ እንከን ይሄዳል። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ግን የስልኩ ጀርባ ይግላል፣ የስክሪኑ ብርሃን ማንም ሳይነካው ይደበዝዛል፣ ምስሉም መቆራረጥ ይጀምራል። ብዙ ሰው ኔትወርኩን ይራገማል፤ ስልኩ ቫይረስ የገባው የሚመስለውም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ጤነኛ ነው። ከሙቀት ራሱን ለመጠበቅ ሆን ብሎ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ባለሙያዎች ይህን ተርማል ትሮትሊንግ ይሉታል።

ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ላፕቶፕ ሙቀቱን በማራገቢያ ያስወጣል። አብዛኞቹ ስልኮች ግን ማራገቢያ ስለሌላቸው ሙቀቱ የሚወጣው በገላቸው በኩል ብቻ ነው። ጌሙ ሲጀመር ይህ ገላ ገና ቀዝቃዛ ነው። ምጣድ እስኪሰማ ድረስ እሳቱን ዝም ብሎ እንደሚውጥ ሁሉ፣ ስልኩም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የፕሮሰሰሩን ሙቀት እየዋጠ ይቆያል። ያ የመጀመሪያው ፍጥነት የሚገኘው በዚህ የእፎይታ ጊዜ ነው።

ጊዜው ለምን 10 ደቂቃ አካባቢ እንደሚሆን በግምት ማስላት ይቻላል። 200 ግራም የሚመዝን ስልክ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 180 ጁል ያህል ይፈልጋል። ከ25 ዲግሪ ተነስቶ 43 ዲግሪ እስኪደርስ 3,240 ጁል ይውጣል ማለት ነው። ጌሙ በሰከንድ 8 ጁል፣ ማለትም 8 ዋት፣ ቢያመነጭና በዚያ ጊዜ ውስጥ በአማካይ 3 ዋት ወደ አየሩ ቢወጣ፣ በስልኩ ውስጥ የሚጠራቀመው 5 ዋት ነው። 3,240ን ለ5 ስናካፍል 648 ሰከንድ፣ ወደ 11 ደቂቃ ይመጣል።

ገደቡን 43 ዲግሪ አካባቢ ያደረገው የቺፑ አቅም አይደለም። ቺፑ 80 ዲግሪም ይችላል። የማይችሉት የያዘው እጅና ባትሪው ናቸው። ስለዚህ በውስጡ ያሉት የሙቀት ሴንሰሮች ገደቡ መቃረቡን ሲያሳዩ፣ ሲስተሙ የፕሮሰሰሩንና የግራፊክሱን ፍጥነት ደረጃ በደረጃ ያወርዳል። በምሳሌያችን ክፍሉ 22 ዲግሪ ቢሆን፣ የጋለው ስልክ ወደ አየሩ ማስወጣት የሚችለው 5 ዋት ያህል ነው፤ የሚያመነጨውም ከዚያ መብለጥ አይችልም።

ደግነቱ ፍጥነት ሲቀንስ ሙቀት ከዚያ በበለጠ ይቀንሳል። ቺፑ ቀስ ብሎ ሲሠራ አነስተኛ ቮልቴጅ ይበቃዋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ይወርዳል። ሁለቱም በ20 በመቶ ቢቀንሱ የቺፑ ሙቀት በግማሽ ያህል ይወድቃል። በሰከንድ 60 ፍሬም ያሳይ የነበረው ጌም ወደ 48 ይወርዳል፤ ስልኩም በዚያው ይረጋጋል።

የአካባቢው አየር ግን ይህን ስሌት ይቀይረዋል። ሙቀት የሚወጣው በስልኩና በአየሩ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። አየሩ 35 ዲግሪ በሆነበት የድሬዳዋ ቀን ልዩነቱ 8 ዲግሪ ብቻ ስለሚሆን፣ የሚወጣው ሙቀት ወደ 2 ዋት ይወርዳል። ከዚህም ስክሪኑ ብቻውን ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ያው ስልክ እዚያ ቶሎ ቢዳከም አይገርምም።

ችግሩ ሙቀት ይሁን ኔትወርክ ለመለየት፣ ጌሙ የሚያሳየውን ፒንግና የፍሬም ቁጥር ይመልከቱ። ፒንጉ ከፍ ብሎ ፍሬሙ ካልተነካ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው። ፒንጉ ደህና ሆኖ ፍሬሙ ከወረደ ከቨሩን አውልቀው ስልኩን ማራገቢያ ፊት ያድርጉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፍጥነቱ ከተመለሰ ምክንያቱ ሙቀት ነበር። ፍሪጅ ውስጥ ግን አይክተቱት፤ እርጥበት ውስጡ ይቋጥራል።

መፍትሔው ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ ነው። ቻርጅ እየተደረገ መጫወት የባትሪውን ሙቀት ስለሚጨምር ይቅር። ግራፊክሱን ዝቅ ያድርጉ፣ የፍሬም ቁጥሩንም ከ60 ወደ 40 ይገድቡ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይዛነፍ የሚሄድ 40፣ በ60 ጀምሮ እየተወላገደ ከሚወርድ ይሻላል።

አዲስ ስልክ ሲገዙም ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያዩትን ፍጥነት አይመኑ። 3DMark የተባለው መተግበሪያ Wild Life Stress Test የሚባል ፈተና አለው፤ የአንድ ደቂቃውን ሥራ 20 ጊዜ አከታትሎ ያሠራና ዝቅተኛው ውጤት ከከፍተኛው ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራል። ለጌም የሚገዛ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ያንን ቁጥር ነው።