ርካሽ የሚመስለው ደንበኛ

«ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ ያላየ የለም። ሶፋም ይሁን ቀሚስ ዋጋው አይጻፍም፤ የፈለገ ሰው መልእክት ልኮ ይጠይቅ ነው ነገሩ። ማስታወቂያውን ከፍሎ ቡስት ያስደረገው ነጋዴም ስልኩ በመልእክት ሲጨናነቅ ብሩ ሥራ ላይ የዋለ ይመስለዋል። ከጠየቁት ውስጥ ስንቱ ገዛ? አንዱን ገዢ ለማምጣትስ ስንት ብር ወጣ? ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሙያተኞቹ ኮንቨርዥን ሬት የሚሉት ነው፤ የገዢውን ቁጥር ለጠያቂው ቁጥር ማካፈል ነው። ሁለተኛው የአንድ ደንበኛ ወጪ ነው፤ ለማስታወቂያው የወጣው ብር ለገዢዎቹ ቁጥር ሲካፈል ይገኛል። ስሌቱ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሶፋ እያሠራች የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው። አንድ ሶፋ በ65 ሺህ ብር ትሸጣለች። የእንጨቱ፣ የስፖንጁ፣ የጨርቁ፣ የሠራተኛውና የማጓጓዣው ሲነሣለት 12 ሺህ ብር ይተርፋታል። ይህን 12 ሺህ ልብ ይሏል፤ አንድ ገዢ ለማምጣት ከዚህ በላይ ካወጣች በሸጠች ቁጥር ትከስራለች።

በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ቦታ አስተዋውቃለች። ለፌስቡክ፣ ቡስት አድራጊው የሚቆርጠው ኮሚሽን ተጨምሮ፣ 30 ሺህ ብር አወጣች፤ 600 ሰው ጠየቀ፣ 6 ሰው ገዛ። ብዙ ተከታይ ላለው የቴሌግራም ቻናል 15 ሺህ ብር ከፈለች፤ 75 ሰው ደወለ፣ እዚያም 6 ሰው ገዛ። ሱቋ ባለበት የፈርኒቸር ቤቶች መንገድ ላይ በራሪ ወረቀት ለማሳተምና ለማስበተን 4 ሺህ ብር አወጣች፤ ወረቀቱን ይዘው 40 ሰዎች ገቡ፣ 8ቱ ገዙ። ማን ከየት እንደመጣ ያወቀችው ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የተለያየ ስልክ ቁጥር ስለሰጠች ነው። «ከየት ሰምተው ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አያስተማምንም፤ ሰው የትም ይስማው የት «ፌስቡክ ላይ» ማለት ይቀለዋል።

በጠያቂ ብዛት ብቻ ከታየ ፌስቡክን የሚያህል የለም፤ አንድ መልእክት 50 ብር ብቻ ፈጀ፣ የቴሌግራሙ አንድ ጥሪ ግን 200 ብር። በገዢ ሲታይ ነገሩ ይገለበጣል። ከፌስቡክ ጠያቂዎች የገዙት ከመቶ 1 ናቸው፤ ለአንዱ ገዢ 5 ሺህ ብር ወጥቷል። ከቴሌግራም ከመቶ 8 ገዝተዋል፤ ለአንዱ 2,500 ብር። ከበራሪ ወረቀቱ ከመቶ 20 ገዝተዋል፤ ለአንዱ 500 ብር ብቻ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቸኩሎ ፌስቡኩን ይዘጋና ገንዘቡን ወደ ወረቀቱ ያዞራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ያንን 500 ብር ነው። ወረቀቱን የተቀበለው ሰው እኮ የፈርኒቸር መንገድ ላይ የተገኘው ሶፋ ፍለጋ ነው። ወረቀቱ ባይሰጠውም ሱቁ ሊገባ ይችል ነበር።

የአሜሪካው የኢንተርኔት ገበያ ኢቤይ በትልቁ የገጠመው ይኸው ነው። ሰዎች የድርጅቱን ስም በኢንተርኔት ሲፈልጉ ማስታወቂያው አናት ላይ እንዲወጣ ይከፍል ነበር። ያንን ተጭኖ የሚመጣ ሰው ስለሚገዛ ወጪው ያዋጣ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ማስታወቂያ በያሁና በኤምኤስኤን ላይ አቁሞ ሲታይ፣ በማስታወቂያው በኩል ይመጣ ከነበረው ጎብኚ 99.5 በመቶ የሚሆነው ክፍያ የሌለበትን ውጤት ተጭኖ መጣ። ለካስ ሲከፈልለት የኖረው የድርጅቱን ስም ጠርቶ በራሱ እግር የሚመጣ ሰው ነው። ብሌክ፣ ኖስኮና ታደሊስ ሙከራውን የተነተኑበት ጥናት በ2015 ታትሟል።

የሶፋ ነጋዴዋም ይህን ለመሞከር ኮምፒውተር አያስፈልጋትም። አንድ ሳምንት ወረቀቱን ማስበተን፣ በሚቀጥለው ማቆም፣ እንደገና ማስበተን፣ እንደገና ማቆም፤ በየሳምንቱም ሱቅ የገባውን ሰው ሁሉ፣ ወረቀት የያዘውንም ያልያዘውንም፣ መቁጠር ነው። በተበተነባቸው ሳምንታት በአማካይ 52፣ ባልተበተነባቸው 50 ሰው ገባ እንበል። በሳምንት ወረቀት ይዘው የሚገቡት 10 ቢሆኑም ወረቀቱ በእርግጥ የጨመረው 2 ሰው ነው። ከ2 ሰው ደግሞ፣ ከመቶ 20 በሚለው ሂሳብ፣ የሚገዛው ግማሽ ሰው እንኳ አይሞላም። የሳምንቱ ወጪ 1 ሺህ ብር ስለሆነ የአንዱ ገዢ ዋጋ 500 መሆኑ ቀርቶ 2,500 ገባ። ያች የ2 ሰው ልዩነት ራሷ በዝናብ ወይም በደመወዝ ሰሞን የመጣች ልትሆን ስለምትችል ሙከራውን ሌላ ወር መድገም ይሻላል።

ወደ ፌስቡክ እንመለስ። 600 ጠይቆ 6 የገዛው ለምንድን ነው? መልእክቶቹን ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። አብዛኛው «ስንት ነው?» ብሎ፣ «65 ሺህ» ሲባል የጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው፤ አቅሙ የማይፈቅድለትን ሰው ጠርቷል። ዋጋው ቢጻፍ ጠያቂው ወደ 200 ይወርድና ያው 6 ሰው ቢገዛ ከመቶ 1 የነበረው ከመቶ 3 ይሆናል። ኪሷ ግን አልተለወጠም፤ ለአንዱ ገዢ አሁንም 5 ሺህ ብር ነው የወጣው። ከመቶ ስንት ገዛ የሚለው ቁጥር ቀዳዳው የት እንዳለ ያሳያል እንጂ ብቻውን መቁረጫ አይሆንም። «ቦታው የት ነው?» ብሎ ጠይቆ መልስ ያገኘው በማግስቱ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የሱቁ ነው። መልስ ሰጪ ሰው ተመድቦ ገዢው 10 ቢደርስ የአንዱ ወጪ ወደ 3 ሺህ ይወርዳል፤ የሰውየው ደመወዝ ግን ወጪው ላይ መደመሩ አይረሳ።

እንደዚያም ሆኖ 5 ሺህ ከ12 ሺህ በታች ስለሆነ ፌስቡክ አክሳሪ አይደለም። መጠየቅ ያለበት የመጨረሻው ብር ምን አመጣ የሚለው ነው። ባለፈው ወር 15 ሺህ ብር ብቻ አውጥታ 5 ገዢ አግኝታ ከነበረ፣ ዘንድሮ ወሩ ላይ የጨመረችው 15 ሺህ ያመጣላት አንድ ሰው ነው። አንድን ሰው በ15 ሺህ አምጥቶ 12 ሺህ ማትረፍ ኪሳራ ነው፤ ይህን የ5 ሺህ አማካይ ይሸፍነዋል። የሚቆረጠው እንግዲህ ፌስቡክ ሳይሆን የፌስቡኩ ሁለተኛ ግማሽ ነው። የተረፈውን ወደ ቴሌግራም ማዞርም ያው አደጋ አለበት፤ እዚያው ቻናል ላይ ሁለተኛ ጊዜ ቢለጠፍ የሚያዩት አብዛኞቹ ፊት ያዩት ሰዎች ስለሆኑ ገዢው እጥፍ ይሆናል ማለት አይደለም።

ወራትን ሲያወዳድሩ ሁለት ነገር ያሳስታል። ሶፋ የሚገዛ ሰው ይጠይቅና ከቤተሰብ ተማክሮ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ በጥቅምት ጠይቆ በኅዳር የገዛውን ለጥቅምቱ ማስታወቂያ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሌላው ሰሙኑ ነው። በጥር፣ ሠርግ በሚበዛበት ወር፣ ያለማስታወቂያም ሽያጭ ስለሚጨምር የጥርን ውጤት ከጥቅምት ጋር አስተያይቶ ማስታወቂያው ሠራ ማለት አይቻልም።

ሲቆረጥም አንድ በአንድ ነው። የፌስቡኩ ግማሽና በራሪ ወረቀቱ በአንድ ወር ከተቆረጡ ሽያጩ ሲወርድ የትኛው እንዳወረደው አይታወቅም። ፌስቡኩ በተቀነሰበት ወር ደግሞ የቴሌግራሙ ስልክ ጥሪም መቀነስ አለመቀነሱ ይታይ፤ ፌስቡክ ላይ ሶፋውን አይቶ፣ በኋላ ቴሌግራም ላይ ያገኘውን ቁጥር የደወለ ሰው መዝገቡ ላይ የተጻፈው በቴሌግራም ስም ነው።