የዘመቻው ቁጥር በአንድ ገጽ

ለሥራ አስኪያጅ የሚቀርብ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ የሚጻፈው አንድን ጉዳይ ለማስወሰን ነው። በመሆኑም አዘጋጁ የቁጥር ሰንጠረዡን ከመክፈቱ በፊት አስኪያጁ ምን ሊወስኑ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የቤት ዕቃ መደብር ለእንቁጣጣሽ 300 ሺህ ብር ለማስታወቂያ አወጣ እንበል። ለፌስቡክ 120 ሺህ፣ ለቴሌግራም ቻናሎች 60 ሺህ፣ ለኤፍ ኤም ሬዲዮ ደግሞ 120 ሺህ ብር ተከፍሏል። አስኪያጁ አሁን የሚወስኑት የገናን በጀት እንዴት እንደሚደለድሉ ነው።

በእጅ ያለው መረጃ ግን እርስ በርሱ አይናበብም። የፌስቡክ ሪፖርት በፈረንጆች ቀንና በዶላር ነው፤ የሽያጭ መዝገቡ በኢትዮጵያ ቀንና በብር። ፌስቡክ 900 ሺህ ዕይታ ሲል 900 ሺህ ሰው ማለቱ አይደለም፤ አንድ ሰው ማስታወቂያውን አራት ጊዜ ቢያይ አራት ዕይታ ይቆጠራል። ሬዲዮ ጣቢያው የሚያቀርበው ስንት ጊዜ እንደተላለፈ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀኑን አንድ ማድረግ፣ ዶላሩንም ባንኩ በዕለቱ በቆረጠው ምንዛሪ ወደ ብር መለወጥ ነው። ከዚያ ሁሉንም የሚያስተያይ አንድ መለኪያ ይያዛል፤ እሱም አንድ ገዢ ለማግኘት የወጣው ብር ነው። ዕይታና ላይክ ከገጹ ይወጣሉ፤ አስኪያጁ በእነሱ የሚወስኑት ነገር የለም።

በመዝገቡ 260 ገዢዎች አሉ። ሻጮቹ «ከየት ሰሙ?» ብለው ሲጠይቁ 90ው ከፌስቡክ፣ 80ው ከቴሌግራም፣ 30ው ከሬዲዮ ብለዋል፤ 60ው የድሮ ደንበኞች ወይም ምንጩን ያልተናገሩ ናቸው። ሲካፈል አንድ ገዢ በቴሌግራም 750፣ በፌስቡክ 1,333፣ በሬዲዮ 4,000 ብር ፈጅቷል። መደብሩ ከአንድ ሽያጭ በአማካይ 3,500 ብር ያተርፋል ከተባለ፣ ሁለት ግኝቶች ተገኙ፤ ቴሌግራም በትንሽ ገንዘብ ብዙ ገዢ አምጥቷል፤ የሬዲዮ ገዢ ደግሞ ከሚያስገኘው ትርፍ በላይ አስወጥቷል።

ሦስተኛው ግኝት ከማስታወቂያ ሪፖርቱ አይገኝም፤ የመደብሩን የመልእክት ሳጥን መክፈት ይጠይቃል። በፌስቡክ 1,800 ሰዎች ዋጋ ጠይቀዋል። በሥራ ሰዓት ከጻፉት 700 ሰዎች 70ው ገዝተዋል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከጻፉት 1,100 ሰዎች ግን 20ው ብቻ። የማታዎቹ መልስ ያገኙት በማግስቱ ነበር። ማስታወቂያው ሰው አምጥቷል፤ ደንበኛው የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ከሦስቱ ሁሉ የሚጠቅም ግኝት ነው፤ ማስተካከያው ከማስታወቂያ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጆች «ሬዲዮው ይቅር» ብለው ይቸኩላሉ። የግኝቱ ጥንካሬ ግን መፈተሽ አለበት። ምንጫቸው ካልታወቀው 60 ሰዎች 10ሩ ሬዲዮ ሰምተው የመጡ ቢሆኑ፣ የሬዲዮ ገዢዎች 40 ይሆናሉ፤ የአንዱም ወጪ ወደ 3,000 ብር ወርዶ ከትርፉ በታች ይሆናል። በአሥር ሰው የሚገለበጥ ግኝት ጣቢያን ጨርሶ ለመተው አያበቃም፤ ቀንሶ ለመፈተን ግን ይበቃል። የማታ ጠያቂዎችም ዋጋ ለማወቅ ያህል ብቻ የጻፉ ሊኖሩባቸው ይችላል። ቴሌግራምም ገንዘቡ እጥፍ ቢሆን ገዢው እጥፍ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ያው ቻናል የሚደርሰው ለያው ተከታይ ነው።

ስለዚህ የገጹ አናት ላይ የሚሰፍረው ምክረ ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ «ለገና ከሬዲዮው በጀት 60 ሺህ ብር ይነሳ፤ 20 ሺው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መልእክት ለሚመልስ ሠራተኛ፣ 40 ሺው እስካሁን ላልሞከርናቸው የቴሌግራም ቻናሎች ይዋል። ሻጮች ከእያንዳንዱ ገዢ ምንጩን ጠይቀው ይመዝግቡ።» ከሥሩ ሦስቱ ግኝቶች በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፤ የማታው መልእክት ቀድሞ፣ ሬዲዮው መጨረሻ። እያንዳንዱ ግኝት አንድ ዓረፍተ ነገርና ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ይበቃዋል። ቀጥሎ አራት ረድፍ ያላት ትንሽ ሰንጠረዥ ትገባለች፤ የ60ዎቹ ገዢዎች ምንጭ አለመታወቁም በግልጽ ይጻፋል። ይህን ማስታወሻ ለማሳመር ሲባል ማስቀረት ትልቅ ስህተት ነው፤ አስኪያጁ ጉድለቱን ከሌላ ሰው ከሰሙ የቀሩትን ቁጥሮችም አያምኑም።

ገጹ ከመላኩ በፊት ዘመቻውን ለማያውቅ ባልደረባ ይሰጥ። በሁለት ደቂቃ አንብቦ ምን እንዲወሰን እንደተጠየቀ መናገር ካልቻለ፣ እንደገና ይጻፍ።