ከዱቤው የሚጀምር ስክሪፕት

አንድ ድርጅት ለባለሱቆች የሽያጭ መተግበሪያ ሠራ እንበል። ሠሪዎቹን ከሁሉ በላይ ያደከማቸው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃውን ስልኩ ላይ አቆይቶ ሲመለስ ወደ ሰርቨሩ የሚልከው ክፍል ነው። የማስተዋወቂያ ቪዲዮ ስክሪፕት ጻፉ ሲባሉም ከዚያው ይጀምራሉ። ቀጥሎ ምዝገባ፣ የይለፍ ቃል፣ የዕቃ አመዘጋገብ ይመጣል። የዱቤ መዝገቡ ጋ ሲደረስ ባለሱቁ ቪዲዮውን ዘግቶት ሄዷል።

ለተመልካቹ የሚጻፍ ስክሪፕት ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ወረቀቱ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚነገረው ይጻፋል። በመጀመሪያው ረድፍ ግራ በኩል የባለዕዳዎች ዝርዝር አለ። ጣት አንዱን ስም ሲነካ 640 ብር፣ ከሥሩም የተወሰደው ዘይትና ስኳር ከነቀኑ ይወጣል። በቀኝ በኩል «ማን ስንት እንዳለበት ደብተር ሳያገላብጡ ይወቁ» ይላል። መዝገቡ ከቀረጻው በፊት ተሞልቶ ስለሚጠብቅ ተመልካቹ ሲተየብ አያይም። ሁለተኛው ረድፍ የዕለቱን ትርፍ፣ ሦስተኛው ሊያልቅ የተቃረበውን ዕቃ ያሳያል።

ያ አድካሚ ክፍል አራተኛ ይመጣል፤ ግን መልኩን ቀይሮ። የስልኩ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ አንድ ሳሙና ይሸጣል፣ ሽያጩም ይመዘገባል። ሰርቨር የሚባል ቃል አይነሳም። ለባለሱቁ ትርጉም ያለው ኔትወርክ በሌለበት ሰዓትም ሽያጩ አለመቆሙ ነውና።

የኮምፒውተር ተመራማሪው ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የቡድኑን ሥራ ሲያሳይ ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በእጁ ማውስ ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት አብዛኛው ታዳሚ አይቶት የማያውቅ መሣሪያ። እሱ ግን የጀመረው ከባዶ ገጽ ነው። ቃላት ጻፈ፣ ቀዳ፣ ከዚያ የሚገዙ ዕቃዎችን ዝርዝር እየመደበ አስተካከለ። የማውሱን አሠራር ያብራራው ሰዉ ጥቅሙን ካየ በኋላ ነው።

ከዱቤ የሚጀምረው ቅደም ተከተል ግን ለአንድ ዓይነት ተመልካች ብቻ ይሠራል። ሦስት ሱቅ ያለው ነጋዴ ከዱቤ ይልቅ የየሱቁን ሽያጭ ቤቱ ሆኖ ማየት ይፈልጋል። የባንክ የአይቲ ኃላፊ ደግሞ አስቀድሞ ስለ መረጃው ደኅንነት ይጠይቃል። ሁሉንም በአንድ ቪዲዮ ለማስደሰት መሞከር ስክሪፕቱን መልሶ የባሕርያት ዝርዝር ያደርገዋል፤ ለእያንዳንዱ አጭር ቪዲዮ መሥራት ይሻላል።

ቅደም ተከተሉ መያዙን ለማወቅ ረቂቅ ቪዲዮውን ለአንድ ባለሱቅ ያሳዩና 30 ሰከንድ ላይ ያቁሙት። «ምን ይሠራል?» ሲባል «ስልክ ላይ የሚጫን ነገር ነው» ካለ የመጀመሪያው ረድፍ መቀየር አለበት። «የእኔንም ባለዕዳዎች እንዲህ ያሳየኛል?» ብሎ ከጠየቀ ይቀጥሉ። ያን ጊዜ ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ «ዕቃዬን ሁሉ ማን ያስገባልኛል?» የሚል ነው፤ የዕቃ አመዘጋገቡ የሚታየውም እዚህ፣ መጨረሻ ላይ፣ የሚወስደው ጊዜ ሳይደበቅ ነው።