ኮርዱ ከፊደሉ እንዳይለይ

ለመዘምራን የግጥም ገጽ ስታዘጋጁ፣ ኮርዱን ከቃሉ በላይ በባዶ ቦታ ብዛት አታስተካክሉት። የፊደሎቻችን ስፋት እኩል ስላልሆነ፣ የፊደሉ መልክ በተለወጠ ጊዜ ኮርዱ ከስፍራው ይሸሻል፤ ጊታር መቺውም ከዘማሪዎቹ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ቾርድፕሮ በተባለው አጻጻፍ ግን ኮርዱ በማዕዘን ቅንፍ ሆኖ ከሚለወጥበት ፊደል ፊት ይገባል፦

```
[G]ጎህ ቀደደ [D]ተነ[G]ሡ
```

ፕሮግራሙ ቅንፉን አስወግዶ ኮርዱን በፊደሉ ራስ ላይ ያትመዋል፤ እዚህ ላይ ዜማው ወደ መነሻው ኮርድ የሚመለሰው በ«ሡ» መሆኑን ዘማሪው ያያል። ፊደላችን ብዙውን ጊዜ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ስለሚይዝ ቦታው አያሻማም። በግጥሙ ፈንታ ባዶ ሣጥን ከታየ፣ የተመረጠው የፊደል ዓይነት ግዕዝን አልያዘምና በፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ ግዕዝ ባለው ለውጡት፤ አንድ ገጽም አትማችሁ እየዘመራችሁ መርምሩት።