ዋስትናን፣ ምላሽንና ማድረሻን በአጭሩ መግለጽ

በዱራሜ ከተማ የሶላር መብራት የሚሸጥ አንድ ነጋዴ የዕቃውን ፎቶ በቴሌግራም ለቆ ከሥሩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ጻፈ እንበል። በአንጋጫ ወይም በሺንሺቾ ያለው ገዢ ይህን ሲያነብ ዕቃው እንከን ያለበት ይመስለዋል፤ ገንዘቡን ከመላክም ይቆጠባል።

ጽሑፉ ከሕግም ጋር ይጋጫል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል።

ስለዚህ ነጋዴው በቅድሚያ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደሚያበራና ዋጋው ስንት እንደሆነ ይግለጽ፤ ግዴታዎቹን ደግሞ በመጨረሻ እንዲህ ያስፍር፦

«ባትሪው የ6 ወር ዋስትና አለው፤ ውኃ ገብቶበት ከተበላሸ ግን ዋስትናው አይሸፍነውም። ጉድለት ካገኙበት በገዙ በ15 ቀናት ውስጥ ደረሰኙን ይዘው ይምጡ፤ እንለውጥልዎታለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን። ሺንሺቾ መናኸሪያ ድረስ በማግሥቱ እናደርሳለን፤ የማጓጓዣውን 100 ብር ገዢው ይከፍላል።»

እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በተስፋ ጀምሮ ገደቡን ያስከትላል፤ ይህም ገዢውን አያስበረግግም። ገደቡ ቢደበቅ ግን ባትሪው በተበላሸ ቀን ጠብ ይነሣል። ነጋዴውም 6 ወር ብሎ ከመጻፉ በፊት አከፋፋዩ ለእርሱ ስንት ወር እንደሚሰጠው ያረጋግጥ፤ የሚሰጠው 3 ወር ብቻ ከሆነ የቀሪው ጊዜ ኪሳራ የራሱ ይሆናል።