መልስ መጣ፤ ቀጠሮው የት ቀረ?

አንድ ቡና ላኪ ድርጅት በጀርመን አዲስ ገዢ ለማግኘት ለማያውቃቸው ነጋዴዎች ኢሜይል ይጽፋል እንበል። ወሩ ሲያልቅ ባለቤቱ የሽያጭ ሠራተኛዋን «ስንት ላክሽ?» ይላታል፤ «420» ትለዋለች። ይህ ቁጥር ልፋቷን ያሳያል እንጂ ሥራው የት ላይ እንደተሰናከለ አይናገርም። ያንን የሚናገሩት ሦስት ሌሎች ቁጥሮች ናቸው፦ ስንት ሰው መለሰ፣ ከመለሱት ስንቱ ፍላጎት አሳየ፣ ስንቱስ ለመነጋገር ቀጠሮ ያዘ።

ኢሜይሉን ስንት ሰው እንደከፈተው የሚያሳይ ቁጥርም አለ፤ ግን አይታመንም። አፕል ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኢሜይል መተግበሪያው ያስገባው የግላዊነት ጥበቃ በመልእክቱ ውስጥ ያሉትን ምስሎች ራሱ አስቀድሞ ስለሚያወርድ፣ ማንም ያላነበበው ደብዳቤ «ተከፍቷል» ተብሎ ይመዘገባል።

ወደ ሂሳቡ እንግባ። ከ420ው 20ው አድራሻው ስለማይሠራ ተመለሰ፤ ስለዚህ ስሌቱ የሚነሳው ከ400 ነው። 38 መልስ መጣ፤ 8ቱ «ዕረፍት ላይ ነኝ» የሚሉ አውቶማቲክ መልሶች ስለሆኑ ይቀነሳሉ። የመለሰው ሰው 30 ነው፤ የምላሽ ምጣኔው 7.5 በመቶ። ከእነዚህ «ዋጋችሁ ስንት ነው?» ወይም «ናሙና ላኩልን» ያሉት 12 ሲሆኑ፣ አዎንታዊ ምላሹ ከ400ው 3 በመቶ ይሆናል። «ምናልባት ለከርሞ» ያለው ሰው እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ትሕትናን እንደ ፍላጎት የቆጠረ ራሱን ያታልላል። ቀጠሮ የያዙት ግን 2 ብቻ ናቸው።

ባለቤቱ ምናልባት «ደብዳቤውን አሳምሪው፤ ብዙም ላኪ» ይል ይሆናል። ቁጥሮቹ የሚሉት ሌላ ነው። ከ12 ፈላጊ 10ሩ የጠፋው መልስ ከመጣ በኋላ ነው። በዚህ አያያዝ 6 ቀጠሮ ለማግኘት 1,200 ደብዳቤ መድረስ አለበት፤ እጃቸው ላይ ካሉት 12 ሰዎች ግማሹን ቢይዙ ግን ያው 6 ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠገነው ለቀጠሮው የቀረበው ቦታ ነው።

ጥገናው የጠፉትን 10 የመልእክት ልውውጦች አንድ በአንድ ከማንበብ ይጀምራል። ዋጋ ለጠየቀ ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። «መቼ ይመችዎታል?» ብቻ ተብሎም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሥራውን ወደ ገዢው ይገፋል። በዚያው ቀን መልሶ ሁለት የተቆረጡ ሰዓቶችን ማቅረብ ይሻላል። ሰዓቱ በገዢው አገር አቆጣጠር ይጻፍ፤ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት የምንለው በክረምታቸው በርሊን ላይ 13:00፣ በበጋቸው 14:00 ነው። «9 ሰዓት» ብቻ ብሎ የጻፈ፣ ገዢው ጠዋት ሲጠብቀው ይቀራል።

ቁጥሮቹ ሌላ መልክ ቢኖራቸው ውሳኔውም ይለወጥ ነበር። 30 ሰው መልሶ ፈላጊው 2 ብቻ ቢሆን፣ ደብዳቤው ይነበባል፤ ግን የተጻፈው ለማይሆነው ሰው ነው ማለት ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ያህል ይይዛል። በወር ጥቂት ጆንያ የሚቆላ ትንሽ ድርጅት ይህን አይገዛም፤ «እኛ ከአስመጪ ነው የምንወስደው» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ያለ መልስ ሲደጋገም የሚታረመው ዝርዝሩ ነው፤ ደብዳቤው ለአስመጪዎቹ ይሂድ።

ከ400 የመለሰው 3 ብቻ ቢሆንስ? ጽሑፉን ከመንካት በፊት ኢሜይሉ መድረሱ ይጣራ። አንድ ቅጂ ወደ ራስ የጂሜይል አድራሻ ልኮ «Show original» የሚለውን መክፈት ነው፤ SPF፣ DKIM እና DMARC አጠገብ PASS ካልተጻፈ ደብዳቤው አይፈለጌ ሳጥን ውስጥ እየወደቀ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ የኢሜይሉን አገልግሎት የሚያስተዳድረው ባለሙያ ነው። ሁሉም PASS ቢልም ሳጥኑን ማየት አይከፋም። ደብዳቤው ደህና እየደረሰ መልስ ከሌለ ያን ጊዜ ርዕሱና የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ይታረማሉ።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። ቀጠሮ ከ2 ወደ 3 ቢያድግ መሻሻል ነው አይባልም፤ እንዲህ ያለው ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል። መልስ ዘግይቶም ስለሚመጣ እያንዳንዱ ዙር ከተላከ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቆጠር። በአንድ ዙር የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ዝርዝሩም ደብዳቤውም አብረው ከተለወጡ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።